ሲቪያችሁ ላይ ያሉት ቀኖች ምን ይላሉ?

(ጎንደር ውስጥ ለዕጩ ተመራቂዎችና ለሥራ ፈላጊ ወጣቶች የቀረበ ንግግር)

እንደምን ዋላችሁ!

ይህንን መድረክ ላዘጋጃችሁ ሁሉ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ከማራኪም ከቴዎድሮስም ግቢ የመጣችሁ እንዳላችሁ ተነግሮኛል። ተመርቃችሁ ቤት የተቀመጣችሁም አላችሁ። ከአዘዞ ድረስ ታክሲ ይዛችሁ የመጣችሁም እንዲሁ። በዚህ ዝናብ መምጣታችሁ ራሱ ቀላል ነገር አይደለም።

ሥራዬ የቅጥር ማመልከቻ ማጣራት ነው። አንድ ማስታወቂያ ይወጣል፤ የሲቪ ክምር ጠረጴዛዬ ላይ ይመጣል። ስለዚህ ዛሬ «ጥሩ ሲቪ እንዴት ይጻፋል» የሚለውን አልነግራችሁም። እሱን የሚነግራችሁ ሞልቷል። እኔ የማወራው ጽፋችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ስላለው ነገር ነው። ስለ እርማት። ከእርማትም ደግሞ አብዛኛውን ሰዓቴን የምሰጠው ለአንድ ነገር ነው፤ ለቀን።

ለምን ቀን? የእኛን አነባበብ ልንገራችሁ። በመጀመሪያው ዙር ሲቪ ከላይ እስከ ታች አናነብም። እውነቱ ይሄ ነው። ዓይናችን መጀመሪያ የሚሄደው ምን ተማረ፣ ምን ሠራ፣ ከመቼ እስከ መቼ ወደሚለው ነው። ማስታወቂያው «2 ዓመትና ከዚያ በላይ የሥራ ልምድ» ካለ፣ እርሳስ ይዘን ወራቱን እንደምራለን። ድምሩ ከሞላ ያልፋል። ካልሞላ ወረቀቱ በሌላኛው ክምር ላይ ይቀመጣል። ሰውየው ምን ያህል ጎበዝ እንደሆነ እዚያ ደረጃ ላይ አናውቅም።

አሁን ስክሪኑን ተመልከቱ። ይህ ሲቪ ባለቤት የለውም፤ ለዛሬ ብዬ እኔ ነኝ የጻፍኩት። ስህተቶቹ ግን በየቀኑ የማያቸው ናቸው። ባለቤቷ የሒሳብ አያያዝ ምሩቅ ናት እንበል። ሚያዝያ 2016 ላይ፣ 2 ዓመት ልምድ ለሚጠይቅ የሒሳብ ሠራተኛ ቦታ አመለከተች። ሲቪው በእንግሊዝኛ ነው። ቀኖቹን ብቻ ላንብብላችሁ።

ዲግሪ፦ 2013።
የመጀመሪያ ሥራ፦ ከኖቬምበር 2022 እስከ ጃንዋሪ 2023።
ሁለተኛ ሥራ፦ ከፌብሩዋሪ 2023 እስከ አሁን።

በቃ፣ ይሄው ነው። አሁን እንደ ቀጣሪ ሁኑና አንብቡት። ይቺ ልጅ በ2013 ተመረቀች። ከዚያ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ምን እንደሠራች አይታወቅም። ከዚያ አንድ ቦታ ገብታ በሁለት ወሯ ወጣች። ከዚያ ሌላ ቦታ ገባች፤ እዚያ እስከ ሚያዝያ 2016፣ ማለትም እስከ ኤፕሪል 2024 ድረስ 14 ወር ሆኗታል። ድምሩ 16 ወር። ማስታወቂያው የጠየቀው 24 ወር ነው። ወደቀች።

እውነተኛ ታሪኳ ግን ሌላ ነው። ማስረጃዎቿን እናውጣ። ቴምፖራሪዋ ሐምሌ 10 ቀን 2013 ዓ.ም. ይላል። የመጀመሪያው መሥሪያ ቤት የሰጣት የልምድ ደብዳቤ ከኅዳር 6 ቀን 2014 እስከ ጥር 10 ቀን 2015 ዓ.ም. ይላል። ሁለተኛውን ሥራ የጀመረችው የካቲት 1 ቀን 2015 ነው። ተመርቃ በአራት ወሯ ሥራ ይዛለች። እዚያ 14 ወር ቆይታለች። ከወር በታች አርፋ ቀጣዩን ጀምራለች። አሁን 14 እና 14 ደምሩ፤ 28 ወር። ማለፍ ነበረባት።

ታዲያ ምን ነካት? ሁለት ነገር ነው የሆነው።

አንደኛው፣ ዲግሪው ላይ ያለው 2013 የእኛ ዘመን አቆጣጠር ነው። ሥራዎቹ ላይ ያሉት ቁጥሮች ደግሞ የፈረንጅ ናቸው። ሁለቱ አንድ ገጽ ላይ፣ ምንም ምልክት ሳይደረግባቸው ተቀምጠዋል። ዘጠኝ ዓመቱን የፈጠረው ይህ ነው። አንባቢው ሐበሻ ከሆነ ምናልባት ይገባዋል፤ «ይሄ የእኛው 2013 መሆን አለበት» ብሎ ያልፋል። ሁሌ ግን አይደለም። ሲቪው አዲስ አበባ ወይም ናይሮቢ ያለ የውጭ ድርጅት ጋ ከደረሰ ማንም አይገምትላችሁም።

ሁለተኛው ስህተት ይበልጥ ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ልጅቷ ልትጠነቀቅ ስትል ነው የተሳሳተችው። ቀኖቹን ወደ ፈረንጅ ስትቀይር በሁሉም ላይ 8 ደመረች። «ልዩነቱ ስምንት ዓመት ነው» ተብለን ነዋ ያደግነው! ጥር 2015 ላይ 8 ስትደምር 2023፤ ልክ ነው። ኅዳር 2014 ላይ 8 ስትደምር ግን 2022 መጣላት። መሆን የነበረበት 2021 ነው። ከእጇ ላይ አንድ ዓመት እንዲሁ ጠፋ።

ሕጉ አጭር ነው። የእኛ ዓመት የሚለወጠው መስከረም ላይ ነው፤ የእነሱ ጃንዋሪ ላይ። ስለዚህ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ ልዩነቱ 7 ነው። ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ደግሞ 8 ነው። ጳጉሜን ስድስት ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት መለወጫው በአንድ ቀን ይቀድምና ታኅሣሥ 22 ይሆናል። ያቺን አንድ ቀን እርሷት፤ ሲቪ ላይ ወርና ዓመት እንጂ የወሩን ስንተኛ ቀን ስለማንጽፍ አታስቸግራችሁም። 7 እና 8ን ግን አትርሱ። መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳርና አብዛኛው ታኅሣሥ ላይ 7 ደምሩ። ሌላው ላይ 8።

ተቃራኒውም ይመጣል። በሁሉም ላይ 7 የሚደምር አለ። ጥር 2014 ሥራ የጀመረ ሰው ጃንዋሪ 2021 ብሎ ይጽፋል፤ ትክክለኛው 2022 ነው። ይህ ሰው ያልሠራውን አንድ ዓመት ጨመረ ማለት ነው። የመጀመሪያውን ዙር ያልፋል፤ ፈተናውንም ያልፍ ይሆናል። በኋላ ኦሪጅናል ማስረጃ ሲመሳከር ግን የልምድ ደብዳቤው 2014 ጥር ይላል። አስተካክለን ስናሰላው ሲቪው አንድ ዓመት ይበልጣል። እኛ ያን ጊዜ «ልጁ መደመር ተሳስቶ ነው» ብለን አናስብም። ምን እንደምናስብ ታውቁታላችሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። የእኛ ወርና የእነሱ ወር አንድ ላይ አይጀምሩም። ጥር 10 ቀን 2015 ጃንዋሪ 18 ነው፤ ጥር 28 ግን ፌብሩዋሪ 5 ነው። «ጥር ማለት ጃንዋሪ» ብላችሁ በደምሳሳው አትቀይሩ። ስልካችሁ ላይ ያለው መቀየሪያ ውስጥ ወሩን ብቻ ሳይሆን ደብዳቤው ላይ ያለውን ቀን ጨምራችሁ አስገቡ።

እና ምን እናድርግ? በእንግሊዝኛ የሚጻፍ ሲቪ ላይ ሁሉንም ቀን በፈረንጅ አድርጉ፤ አንዱንም ሳታስቀሩ፣ የሥልጠና ሰርተፊኬቱን ጭምር። ለመንግሥት መሥሪያ ቤት በአማርኛ ከሆነ የምትጽፉት ሁሉንም በእኛ አድርጉና ዓ.ም. በሉ። አንዳንዶቻችሁ ከእያንዳንዱ ቀን አጠገብ ጂ.ሲ. ትጽፋላችሁ። እዚህ አገር ውስጥ ይገባናል። የውጭ ሰው ግን ምን ማለት እንደሆነ አያውቀውም፤ ሁሉም ቀን የፈረንጅ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አያስፈልግም።

አጻጻፉንም አንድ አድርጉት። 03/04/2023 ብሎ የጻፈ ሰው ማርች ነው ወይስ ኤፕሪል? አንዱ ቀኑን ያስቀድማል፣ ሌላው ወሩን። የወሩን ስም በፊደል፣ ዓመቱን በአራት አሃዝ ጻፉና ተገላገሉ። አንድ ቦታ የወሩን ሙሉ ስም፣ ሌላ ቦታ የመጀመሪያ ሦስት ፊደሎቹን ብቻ፣ ሌላ ቦታ ዓመቱን ብቻ አትጻፉ። ዓመት ብቻ ሲሆንማ ባሰ። «2021 – 2022» ሁለት ዓመትም ይሆናል፣ ሁለት ወርም ይሆናል። እኛ ደግሞ ስንጠራጠር ትንሹን ነው የምንይዘው።

አሁን ወደ እርማቱ እንግባ። ሲቪያችሁን ከላይ ጀምራችሁ አታርሙ። ራሳችሁ የጻፋችሁትን ከላይ ስታነቡ ዓይናችሁ የሚያየው ማለት የፈለጋችሁትን እንጂ የተጻፈውን አይደለም። ቀኖቹን ከጽሑፉ ነጥላችሁ አውጧቸው። ኮምፒውተር ላይ ከሆናችሁ `Ctrl+F` ተጫኑና `20` ብላችሁ ፈልጉ። ዓመቶቹ ሁሉ ቀለም ይቀባሉ። ከዚያ ባዶ ወረቀት ውሰዱና ከታች ወደ ላይ፣ ከድሮው ወደ አሁኑ እየሄዳችሁ በአንድ ረድፍ ገልብጧቸው። መጀመሪያ፣ መጨረሻ፣ ስንት ወር። ከጎኑ ደብዳቤው ላይ ያለውን የሐበሻ ቀን ጻፉ። ይህ ረድፍ ይናገራል። አንዱ ሥራ ሳያልቅ ሌላው ተጀምሮ ከሆነ ይታያል። ከመመረቃችሁ በፊት የተጀመረ የሙሉ ሰዓት ሥራ ካለ ይታያል። ዘጠኝ ዓመት ክፍተት ካለም ይታያል። እውነተኛ ክፍተት ካላችሁ ተዉት፤ ክፍተት ኃጢአት አይደለም። በስሌት የተፈጠረውን ግን አጥፉ።

ቀኑን በዚህ ልተውና ወደ ግሡ ልሂድ፤ እሱም ዞሮ ዞሮ ከቀን ጋር የተያያዘ ነው።

ያቺው ልጅ የመጀመሪያ ሥራዋ ስር አራት መስመር አላት። አንዱ «ፕሪፔሪንግ» ብሎ ይጀምራል፣ ደሞዝ ስለማዘጋጀት። ሁለተኛው «ሬኮርድድ» ይላል። ሦስተኛው «ሪኮንሳይል»። አራተኛው «ሪስፖንሲብል ቱ» ብሎ ይቀጥላል። አራት መስመር፣ አራት ዓይነት አነጋገር። ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። አንዱ ከቅጥር ደብዳቤው የሥራ ዝርዝር ተገልብጧል። አንዱ ከጓደኛ ሲቪ ተወስዷል። አንዱን ራሷ ጽፋዋለች። አንዱ ከማስታወቂያ ነው። እኛም ስናየው ይሄው ነው የሚታየን፤ መስመሮቹ የተለያየ እናት እንዳላቸው።

ሥራው ጥር ላይ አልቋል። ያለቀ ሥራ በሙሉ በኃላፊ ጊዜ ይጻፋል፤ ፕሪፔርድ፣ ሬኮርድድ፣ ሪኮንሳይልድ። «ሪስፖንሲብል» የሚለው ይውጣና የሠራችው ሥራ ራሱ በግሥ ይግባ። ለምሳሌ የፔቲ ካሽ ኃላፊ ነበረች እንበል፤ «ማኔጅድ» ብላ ትጀምር። አሁን ያለችበት ሥራ ደግሞ በአሁን ጊዜ ይጻፋል፤ ፕሪፔር፣ ሬኮርድ፣ መጨረሻው ላይ ኤስ ሳይጨመር። ኤስ ከጨመራችሁ ስለ ሌላ ሰው የምታወሩ ይመስላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወዛገብበት አንድ ነገር አለ። አሁን ባለችበት ሥራ ላይ ሆና የጨረሰችው ነገርስ? የ2015 በጀት ዓመት ሒሳብን ዘግታለች እንበል። ያ አልቋል፤ ስለዚህ ሥራው የአሁን ቢሆንም ያ መስመር በኃላፊ ጊዜ ይጻፋል። ስህተት አይደለም። ግን እንዳይምታታ በየቀኑ የምትሠራውን ከላይ፣ የተጠናቀቀውን ከታች ታድርገው። እየተቀያየረ ከመጣ አንባቢው ዝርክርክነት ነው ብሎ ይወስደዋል።

የግሥ ስህተት በብዛት የሚፈጠረው ሥራ ስትቀይሩ ነው። ሰው የድሮ ሲቪውን ከፍቶ «ፕሬዘንት» የሚለውን ያጠፋና የለቀቀበትን ወር ይጽፋል። ከስሩ ያሉትን ግሦች ግን እንዳሉ ይተዋቸዋል። ስለዚህ አንድ መጨረሻ ቀን በነካችሁ ቁጥር ከስሩ ያለውን እያንዳንዱን መስመር የመጀመሪያ ቃል እዩ። የመጀመሪያ ቃሉን ብቻ። ከደቂቃ በላይ አይወስድም።

የኮምፒውተሩን ቀይ መስመር አትመኑት፤ ፊደል እንጂ ሐሳብ አያውቅም። ማኔጀር ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ውስጥ ሁለተኛዋ «ኤ» ብትወድቅ የሚቀረው ቃል መዝገበ ቃላት ውስጥ ያለ ነው። ትርጉሙ ግርግም ነው። ቀይ አያሰምርበትም። የቅርንጫፍ ግርግም ሆነው ያመለከቱ ሰዎች ገጥመውኛል። (ሳቁ፣ ሳቁ። በኋላ የራሳችሁን እዩ።)

ሥርዓተ ነጥቡ ላይ ብዙ አልቆይም። የቡሌት መስመሮቹ መጨረሻ ላይ ፉል ስቶፕ ይኑር ወይስ አይኑር ብላችሁ አትጨነቁ፤ ሁለቱም ይሆናል። የማይሆነው አምስቱ ላይ ኖሮ ሦስቱ ላይ አለመኖሩ ነው። ሌላው፣ ከኮማና ከሁለት ነጥብ በፊት ክፍት ቦታ አይገባም። «ኔም» ብሎ፣ ክፍት ቦታ፣ ከዚያ ሁለት ነጥብ፤ ይህ በእኛ አገር ሲቪ ላይ በጣም የተለመደ ነው። በእንግሊዝኛ ምልክቱ ከቃሉ ጋር ተጣብቆ፣ ክፍተቱ ከኋላው ነው የሚመጣው።

የከተማችንንም ስም አንድ አድርጉልኝ እባካችሁ። አድራሻው ላይ `Gondar`፣ ትምህርቱ ላይ `Gonder`፤ እየኖራችሁበት! ዩኒቨርሲቲውም አንድ ቦታ `University of Gondar`፣ ሌላ ቦታ `Gondar University`፣ ሦስተኛ ቦታ `UoG` ይባላል። ዲግሪያችሁ ላይ የታተመውን አይታችሁ እሱን ብቻ ጻፉ። የራሳችሁ ስምም እንዲሁ ነው። የአባታችሁ ስም ዲግሪው ላይ በአንድ ኤስ፣ ሲቪው ላይ በሁለት ኤስ ከሆነ የሰነድ ማመሳከር ቀን ላይ ችግር ይሆናል።

አሁን ወደ ቅርጹ፤ እዚህ ላይ የጽሕፈት ቤቶቹን ነገር ማንሳት አለብኝ። ብዙዎቻችሁ ሲቪ የምታስጽፉት ግቢ በር ላይ ካሉት የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቶች ነው። ክፉ ነገር የለውም። ግን ጸሐፊዋ ከባዶ አትጀምርም። ከእናንተ በፊት የመጣውን ደንበኛ ሲቪ ትከፍትና እላዩ ላይ ትጽፋለች። የቀደመው ሰው ቅሪት የሚገኘው ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው። የእሱ ሪፈረንስ፣ የእሱ የኮምፒውተር ችሎታ፣ አንዳንዴ «ወንድ» የሚለው ጾታ እንኳ ለሴት አመልካች ይቀራል። የማይታይም ቅሪት አለ። የሰነዱ መረጃ ውስጥ፣ ርዕስና ጸሐፊ በሚለው ቦታ፣ የሌላ ሰው ስም ተቀምጦ ይሆናል። ፒዲኤፉን ብሮውዘር ላይ ስከፍተው ያ ርዕስ ከላይ ይወጣል። የእናንተን ሲቪ እያነበብኩ ከላይ የማላውቀው ሰው ስም ያፈጥብኛል። `File` ከዚያ `Info` ግቡና እዩት፤ ከሌላ ሰው ከሆነ አጥፉት።

ቀኖቹ በስተቀኝ በኩል ቀጥ ብለው እንዲቆሙ ስፔስ ባር እየመታችሁ የምትገፉም አላችሁ። እናንተ ኮምፒውተር ላይ ልክ ይመጣል። እኔ ጋ ፎንቱ ከሌለ ወይም የዎርዱ ዓይነት ከተለየ ቀኖቹ ይዘበራረቃሉ፤ አንዳንዴም ዓመቱ ለብቻው ወደ ታች ይወርዳል። `Ctrl+Shift+8` ተጫኑ። የተመቱት ስፔሶች እንደ ነጥብ ሆነው ይታያሉ። የነጥብ ሰልፍ ካያችሁ አጥፉትና በቀኝ የሚቆም ታብ አድርጉ። ከሌላ ቦታ ተገልብጦ የመጣ አንቀጽም ፎንቱን ይዞ ነው የሚመጣው። ሁሉንም ምረጡና የፎንቱ ስም የሚጻፍበትን ሳጥን እዩ፤ ባዶ ከሆነ ከአንድ በላይ ፎንት አለ ማለት ነው። ይህቺን ዘዴ ብዙ ሰው አያውቃትም።

ስትጨርሱ ፒዲኤፍ አድርጉና ለራሳችሁ በቴሌግራም ላኩት። ስልክ ላይ ክፈቱት። የፋይሉ ስምም አብሮ ይታያል፤ `cv final final2` የሚል ስም እኔ ጋ ሲደርስ ፈገግ እላለሁ እንጂ የማን እንደሆነ አላውቅም። ስማችሁንና የምታመለክቱበትን የሥራ መደብ ጻፉበት።

ብዙ አወራሁ። ሲቪያችሁን አትማችሁ እንድትመጡ ተነግሯችሁ ነበር። እስኪ አውጡት። እርሳስ የሌላችሁ እጃችሁን አንሱ፣ ልጆቹ ያድሏችኋል። አሁን አጠገባችሁ ካለው ሰው ጋር ተለዋወጡ። ስሙን አታንብቡ፣ ትምህርቱንም ተዉት። ወደ መጨረሻው ገጽ ሂዱና ከታች ጀምራችሁ ቀኖቹን ብቻ ባዶው ወረቀት ላይ ገልብጡ። ከዚያ የሰውየውን ታሪክ ከቀኖቹ ብቻ ንገሩት፤ መቼ ተመረቀ፣ ስንት ወር ሠራ፣ የት ላይ ጠፋ። ባለቤቱ «እንዴ፣ እኔ እንደዚያ አይደለሁም» ያለበት ቦታ ላይ ክብ አድርጉ። አሥር ደቂቃ አላችሁ፤ እኔ በየወንበሩ እየዞርኩ አያለሁ።